«እሺ» ብለውኝ ስልኬን ያላነሱት ደንበኛ

የእንጨት ሥራ ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። የምሠራው የወጥ ቤት ካቢኔና ቁም ሳጥን ሲሆን፣ ደንበኞቼ አብዛኞቹ በኮዬ ፈጬና በዙሪያው የኮንዶሚኒየም ቁልፍ ተቀብለው ቤታቸውን ከባዶ ግድግዳ የሚጀምሩ ሰዎች ናቸው። በእንዲህ ያለ ሰፈር ሥራ የሚመጣው በሰው አፍ ነው፤ አንዱ የጎረቤቱን ወጥ ቤት ያይና ይደውላል። ስለዚህ ሥራዬን የወደደልኝን ሰው «ሰው ይላኩልኝ፣ ይመስክሩልኝ» ብዬ መጠየቅ አለብኝ። ለረጅም ጊዜ ግን አጠያየቄ ሰዎችን ያስጨንቅ ነበር። ያንን ያወቅሁት አንድ ደንበኛ ከራቁኝ በኋላ ነው።

እኚህ ሰው ጡረታ የወጡ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ አባት ናቸው። ካቢኔውን ገጥመን የጨረስን ዕለት ከባለቤታቸው ጋር ሆነው በሮቹን እየከፈቱና እየዘጉ አዩ፤ ፊታቸው ላይ ደስታ ነበር። ቀሪውን ክፍያ ለመላክ ስልካቸውን ሲያወጡ እኔም ጊዜው ይህ ነው ብዬ «ጋሼ፣ ከወደዱት ሁለት ሦስት ሰው ይላኩልኝ፤ ፌስቡክ ላይም ጥሩ አስተያየት ይጻፉልኝ» አልኋቸው። «እሺ፣ ምን ችግር አለው» አሉኝ። ሳምንት ቆይቼ ደወልሁ፤ «እሺ፣ አልረሳሁትም» አሉ። እንደገና ደወልሁ፤ «እሺ» አሉ። በሦስተኛው ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ።

ከሁለት ወር በኋላ ለሌላ ሥራ ወደዚያው ብሎክ ስሄድ የግቢው ጥበቃ ያልጠበቅሁትን ነገረኝ። የእሳቸው ወጥ ቤት አንዱ በር ዘምሞ አልዘጋ ብሎ ነበር፤ ሌላ አናጢ አስመጥተው ከፍለው አሠርተውታል። ያ በር የሚስተካከለው በአንድ ጠመንጃ መፍቻ፣ በሁለት ደቂቃ ነው፤ እኔ ደግሞ በነጻ እሠራው ነበር። እሳቸው ግን ሊደውሉልኝ አልቻሉም፤ ከደወሉ ያልፈጸሙትን ቃል አነሳባቸዋለሁ ብለው ፈርተዋል። እኔ የምስጋና ቃል ስጠይቅ እሳቸው ስለ ሥራዬ ጉድለት እንኳ እንዳይነግሩኝ አድርጌ ነበር። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያመኛል።

ቁጭ ብዬ ሳስበው ስህተቱ የጀመረው ከጊዜው ነው። ሰውየው ገንዘብ ሊከፍሉኝ በተዘጋጁበት ሰዓት ነው የጠየቅሁት። በዚያ ሰዓት ማንኛውም ልመና የክፍያው ተጨማሪ ይመስላል፤ እምቢ ማለትም ይከብዳል፣ ምክንያቱም እኔ ከሁለት ረዳቶቼ ጋር እቤታቸው ቆሜአለሁ። እኛ አገር ፊት ለፊት «አይሆንም» የሚል ሰው ጥቂት ነው። ይሉኝታ አለ። በይሉኝታ የተሰጠ «እሺ» ደግሞ እንደ ዕዳ ሆኖ ሰውየው ላይ ይቀመጣል፤ ባለዕዳ ደግሞ አበዳሪውን ይሸሻል።

ሁለተኛው የጊዜ ስህተት ከሥራው ጠባይ የመጣ ነው። ካቢኔ በተገጠመበት ቀን ገና አልተፈተነም። በሩ ባዶውን ሳለ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መደርደሪያው ሰሃንና ድስት ሲሸከም፣ በሩም በቀን ሃያ ጊዜ ሲከፈት ማጠፊያው ትንሽ ይለቅና በሩ ወደ ታች ይወርዳል። የእቃ ማጠቢያው ደግሞ የባሰ ነው። በእኛ አካባቢ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ያስረከብንበት ዕለት ቧንቧው ደረቅ ሊሆን ይችላል፤ ከሥር ያለው መጋጠሚያ ቢያፈስ የሚታወቀው ከቀናት በኋላ ነው። ካቢኔው የሚሠራበት ኤምዲኤፍ የሚባለው የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ ጠርዙ በደንብ ካልታሸገ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ካበጠ በኋላ ወደ ነበረበት አይመለስም። ታዲያ ይህ ሁሉ ሳይታይ «መስክሩልኝ» ማለት ሰውየውን ያላየውን ነገር እንዲመሰክር መጠየቅ ነው። አስተዋይ ደንበኛ ይህን በቃል ባይለውም ይሰማዋል።

ከዚያ በኋላ አሠራሬን ለወጥሁ። በማስረከቢያው ቀን ስለ ምስክርነት አንድም ቃል አልናገርም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ «ከሦስት ሳምንት በኋላ መጥቼ በሮቹን አስተካክላለሁ፤ ክፍያ የለውም። እስከዚያ ድረስ የሚያስቸግርዎትን ነገር ልብ ይበሉልኝ።» ቀኑን በደብተሬ እጽፋለሁ። ሦስት ሳምንት የመረጥሁት በሩ የሚወርድ ከሆነ እስከዚያ ስለሚወርድ፣ ውሃውም ደጋግሞ ስለሚመጣ ነው። ሰውየውም በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ ጥቂት ጊዜ እንጀራ ጋግሮበታል፣ እንግዳ አስተናግዶበታል፤ አሁን የሚናገረው ነገር አለው።

ይህ ነገር እንዴት እንደሚሄድ ከአንድ ቤት ጋር ልናገር። ደንበኛዬ ነርስ ናቸው፤ ኮዬ ፈጬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አላቸው። ሥራውን ከተስማማንበት ቀን አራት ቀን አዘግይቼ ነበር ያስረከብሁት፤ የምንፈልገው ቀለም ያለው ሰሌዳ ጠፍቶ ነው። ክፍያው ተጠናቀቀ፣ ሄድሁ። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከሥራ እረፍት ላይ መሆናቸውን ጠይቄ ብቻዬን መጣሁ። ብቻዬን መሆኔ ለውጥ አለው፤ ረዳቶች ቆመው ሲጠብቁ ሰው ረጋ ብሎ አያወራም።

መጀመሪያ በሮቹን አስተካከልሁ፤ ሁለቱ ወርደው ነበር። ከማጠቢያው ሥር በእጄ ዳስሼ ደረቅ መሆኑን አየሁ። ከዚያ «ያስቸገረዎት ነገር ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ወደዱት?» ብዬ አልጠይቅም፤ ለዚያ መልሱ በይሉኝታ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ስለ ችግር የተጠየቀ ሰው ግን እውነቱን ይናገራል፤ ችግሩን ተናግሮ ሲጨርስ ደግሞ የወደደውን ራሱ ያመጣዋል። እሳቸውም የማዕዘኑ ቁም ሳጥን ጥልቅ ስለሆነ ከውስጥ ያለ ድስት ለማውጣት መንበርከክ እንዳለባቸው ነገሩኝ። ልክ ነበሩ። በሌላ ቀን መጥቼ የሚሳብ መደርደሪያ ላስገባላቸው ተስማማን፤ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ይከፍላሉ።

ከዚያ ቡናቸውን እየቀዱ እንዲህ አሉ፦ «በምጣዱ ግን አንተ አሳረፍኸኝ። ድሮ መሬት ላይ ነበር፤ ጋግሬ ስነሳ ወገቤ አይቀናም። ሆስፒታል ሌሊቱን ቆሜ አድሬ፣ ጠዋት ደግሞ ጎንበስ ብዬ ነበር የምጋግረው። አሁን ስቤ አወጣዋለሁ፣ ቆሜ እጋግራለሁ፣ ሲቀዘቅዝ መልሼ እገፋዋለሁ።»

እኔ የምፈልገው ምስክርነት ይህ ነው። «ጥሩ ሠራተኛ ነው፣ አመሰግናለሁ» የሚል ቃል ማንንም ወደ ሥራ ቤቴ አያመጣም፤ ማንም ለማንም ሊለው ይችላል። የወገባቸው ነገር ግን ኤሌክትሪክ ምጣድ ያላትን ሴት ሁሉ ያቆማል። የመደበኛ ካቢኔ ጥልቀት 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ምጣድ ከነክዳኑና ከነእጀታው ከዚያ ያልፋል፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው ቤቱን አሳምሮ ምጣዱን በረንዳ ላይ ወይም መሬት ላይ ያስቀምጣል። እኔ ቦታውን አጥልቄ፣ በሚሳብ ጠንካራ ጠረጴዛ ነበር የሠራሁት፤ እንፋሎቱ ሰሌዳውን እንዳያሳብጠው ሲጋገር ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። ይህን ሁሉ እኔ ባስረዳ ሻጭ ነኝ። እሳቸው «ወገቤ» ሲሉ ግን ነገሩ ይገባል። ስለዚህ ደንበኛ ሲናገር ድሮ እንዴት እንደነበረና አሁን እንዴት እንደሆነ አብሮ የያዘውን ዓረፍተ ነገር አደምጣለሁ። እሱ ካልመጣ አልጠይቅም። ሥራው ገና ለሰውየው ምንም አልቀየረለትም ማለት ነውና።

ቃሉ በመጣ ጊዜ የጠየቅሁት እንዲህ ነበር፦ «አሁን ስለ ምጣዱ ያሉኝን ነገር ሌሎች ሴቶች ቢሰሙት ይጠቅማቸዋል ብዬ አስባለሁ። በቴሌግራም ገጼ ላይ ባወጣው ይፈቅዱልኛል? አሁን አይመልሱልኝ። ማታ መልእክት እልክልዎታለሁ፤ ካልፈለጉ ዝም ይበሉ፣ እኔም ደግሜ አላነሳውም። የማዕዘኑን መደርደሪያ ለመሥራት የምመጣው በማንኛውም ሁኔታ ነው።»

በዚህ ውስጥ ሦስት ነገር ሆን ብዬ አድርጌአለሁ። መልሱን ከፊቴ አርቄዋለሁ፤ ሰው ብቻውን ሆኖ ስልኩን ሲያይ እምቢ ማለት ይችላል። ደግሞም ዝምታን እንደ መልስ ቆጥሬላቸዋለሁ፤ «አይሆንም» የሚለውን ከባድ ቃል ከአፋቸው ማውጣት አያስፈልጋቸውም። የሚቀረውን የጥገና ሥራ ከጥያቄው ጋር እንዳያያይዙትም በግልጽ ነግሬአቸዋለሁ። ይህ ሦስተኛው ነገር ካልተባለ፣ ሰው ምስክርነቱን የጥገናው ዋጋ አድርጎ ያስበዋል።

ማታ የላክሁት መልእክት አጭር ነበር፦ «ዛሬ ስለ ምጣዱ የነገሩኝን በድምፅ ቢልኩልኝ በቂ ነው፤ መጻፍ አያስፈልግም። ከማውጣቴ በፊት ጽፌ አሳይዎታለሁ።» ድምፅ እንዲልኩ የጠየቅሁበት ምክንያት አለ። ሰው ጻፍ ሲባል የትምህርት ቤት ድርሰት ይመስለውና ይፈራል፤ ከጻፈም እንደ ደብዳቤ «ለአቶ እገሌ የላቀ ምስጋናዬን አቀርባለሁ» ይላል። በድምፅ ግን በገዛ አንደበቱ ይናገራል። በማግስቱ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ድምፅ መጣ። ቃል በቃል ጽፌ መልሼ ላክሁላቸው። ስማቸውና የሚሠሩበት ሆስፒታል እንዲወጣ አልፈለጉም፤ «ኮዬ ፈጬ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት» ብቻ አልን። «አራት ቀን ቢዘገይብኝም» የሚለው ግን እንዲቆይ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ሊያጠፉት ፈልገው ነበር። ነቀፋ የሌለበትን ምስጋና ሰው ዘመድ የጻፈው ይመስለዋል፤ መዘግየቱም እውነት ነው።

ስለ ፎቶግራፍ አንድ ነገር ልጨምር። የሰው ወጥ ቤት ጓዳው ነው። ብዙ ሰው ቤቱ በማያውቃቸው ሰዎች ፊት እንዲታይ አይወድም፤ ዓይን የሚፈራም አለ፣ ሌባ የሚፈራም አለ። እኔ የማነሳው የተከፈተውን መሳቢያና ምጣዱን ብቻ ነው፤ የልጅ ፎቶግራፍ፣ የመድኃኒት ዕቃ፣ የመስኮቱ ውጪ አይገባም። ፎቶውን እዚያው አሳያለሁ፣ «አጥፋው» ካሉኝ እዚያው አጠፋዋለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ሰው እንዲልኩልኝ ወደ መጠየቁ። ምስክርነት መስጠትና ሰው መላክ አንድ አይደሉም። ምስክርነት ስለ ራስ ቤት መናገር ነው። ሰው መላክ ግን ዋስ መሆን ነው። ነርሷ ለጎረቤታቸው «እሱን አሠሪው» ካሉ፣ እኔ ቀብድ ይዤ ብጠፋ ወይም ሥራ ባበላሽ የሚወቀሱት እሳቸው ናቸው፤ ያውም በየቀኑ በደረጃ ላይ ከሚያገኟት ሰው ጋር። ደስተኛ ደንበኛ ሰው የማይልከው ብዙ ጊዜ ሥራውን ሳይወድ ቀርቶ አይደለም፤ ይህን ዋስትና ፈርቶ ነው። ስለዚህ የምጠይቀውን ነገር ከዋስትና አወጣሁት።

የማዕዘኑን መደርደሪያ በገጠምሁ ዕለት እንዲህ አልኋቸው፦ «በዚህ ብሎክ ቁልፍ ተቀብሎ ወጥ ቤቱን ገና ያልሠራ ሰው የሚያውቁ ከሆነ፣ ምጣዱ ያለበትን እንዲያይ ቢፈቅዱለት ደስ ይለኛል። ጥሩ ነው ይበሉልኝ አልልም፤ የዘገየሁትንም ይንገሩ። አይቶ ከፈለገ ስልኬን ይስጡት።» እሳቸው ወዲያው «አራተኛ ፎቅ አንዲት ልጅ አለች፣ ያን ሰሞን መሰርሰሪያው አስቸገረን ብላ ነበር» አሉ። በኮንዶሚኒየም የላይኛውና የታችኛው ቤት ቅርጹ አንድ ስለሆነ፣ አንዱን ወጥ ቤት ያየ ሰው የራሱን ያየ ያህል ነው። ጥያቄው ጠባብ ሲሆን ሰው ፊት ለፊቱ ይመጣል፤ «የሚያውቁትን ሰው ሁሉ ይላኩልኝ» ሲባል ግን ማንም አይታወስም።

የጎረቤቷን ስልክ ግን አልጠየቅሁም። የሰው ስልክ ያለ ፈቃዱ መስጠት ነርሷን ያስወቅሳል፤ እኔም ሳልጠራ የምደውል እሆናለሁ። የራሴን ቁጥር የጻፍሁበትን ካርድ አንድ ብቻ ተውሁ። አሥር ካርድ የሚሰጥ ሰው አሥር ሰው ይጠብቃል።

ልጅቱ ከአሥር ቀን በኋላ ደወለች። እዚህ ላይ ደግሞ ያልጠበቅሁት ችግር መጣ። በመካከሉ የሰሌዳ ዋጋ ጨምሮ ስለነበር ለእሷ የነገርኋት ዋጋ ከነርሷ በለጠ። ጎረቤታሞች ዋጋ ይነጋገራሉ፤ «ለአንቺ በስንት ሠራልሽ?» ተባብለው ነርሷ ቅር ብሏቸው ደወሉልኝ። እኔ ቀድሜ መንገር ነበረብኝ። አሁን ዋጋ የምሰጠው በጽሑፍ ነው፤ የእንጨቱን፣ የማጠፊያውንና የእጅ ዋጋዬን ለየብቻ፣ ከቀኑ ጋር እጽፋለሁ። ያን ጊዜም የሁለቱን ዋጋ እንዲሁ ለያይቼ ስጽፍላቸው የእጅ ዋጋዬ ያው መሆኑን በወረቀቱ ላይ አዩት፣ ነገሩም በረደ። ዋጋ ከጨመረ ደግሞ ሰው ለላከልኝ ደንበኛ አስቀድሜ እነግራለሁ፤ የአዲሷን ደንበኛ ዋጋ ሳልናገር፣ ዕቃ መወደዱን ብቻ።

ለሰው ላኪ ገንዘብ መስጠትን በተመለከተ ብዙ የሙያ ጓደኞቼ ከእኔ ጋር አይስማሙም። ከደላላ ጋር ስሠራ ኮሚሽን እከፍላለሁ፤ ሥራው ነው። ለደንበኛ ግን አልሰጥም። አንድ ጊዜ ለአንዲት አስተማሪ «ለሚልኩልኝ ሰው ከመቶ አምስት እሰጥዎታለሁ» አልኋቸው። ዝም ብለው ካዩኝ በኋላ «ልጄ፣ እኔ ደላላ አይደለሁም። ለእህቴ ነግሬልህ ነበር፤ አሁን ይህን ብትሰማ ብሯን ልበላ ያመጣሁህ ይመስላታል» አሉኝ። እኔ ሳላውቅ በነጻ፣ በፍቅር የሠሩልኝን ነገር ዋጋ ለጥፌበት አበላሸሁት። እህታቸው ወደ እኔ አልመጡም። አሁን የማደርገው ቢኖር፣ የተላከው ሰው ሲመጣ ለላኪው ደውዬ «መጥተው አነጋገሩኝ፣ አመሰግናለሁ» ማለት ነው፤ ሥራው ሲያልቅም እንዳለቀ እነግራለሁ። ላኪው የሚጨነቀው ዋስ የሆነበት ነገር ምን ላይ እንደደረሰ ባለማወቁ ነው።

ሳልጠይቅ የማልፋቸው ቤቶችም አሉ። ያልተፈታ ቅሬታ ያለበት ቤት አንዱ ነው፤ ትንሽም ብትሆን እሷ ትቅደም። ሐዘን የገባበት ቤት ሌላው ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት ሄጄ ድንኳን ተተክሎ ያገኘሁበት ቤት አለ፤ ለቅሶ ተቀምጬ ወጣሁ፣ በሮቹን ያስተካከልሁት ከአርባው በኋላ ነው፣ ሌላ ነገር አልተነሳም። ደግሞ ሰው ሲጠየቅ «እሺ፣ እናያለን» ብሎ ወሬ ከቀየረ፣ ያ መልስ ነው። የፈቀደ ሰው ብዙ ጊዜ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ምን ልበል?»፣ «ፊቴ ይታያል?»፣ «ስንት ደቂቃ?» ይላል። ድምፅ እልካለሁ ብሎ የዘገየን ሰው አንድ ጊዜ አስታውሳለሁ፤ ያውም ለሌላ ጉዳይ ስንገናኝ። ሁለተኛ አላስታውስም።

ለጡረተኛው አባት በመጨረሻ ደወልሁላቸው። ስልኩን አላነሱም፤ ስለዚህ መልእክት ጻፍሁ፦ «ጋሼ፣ ስለ አስተያየቱ አስቸግሬዎት ነበር፤ ይቅርታ፣ ያ ነገር ቀርቷል። በሩን ከፍለው ማሠራትዎን ሰማሁ፤ የእኔ ሥራ ነበርና የከፈሉትን ልመልስልዎ።» ገንዘቡን አልተቀበሉም፤ «አልተቀየምሁህም» ብለው መለሱ። ሰው እስካሁን አልላኩልኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ግን ደውለው የመኝታ ቤቱ ቁም ሳጥን መሳቢያ እንደተጣበቀባቸው ነገሩኝ፤ መፍቻዬን ይዤ ሄድሁ።